የሦስት ደቂቃውን «ስለ ራስሽ ንገሪን» ወደ አንድ ደቂቃ መቁረጥ

የአክስቴ ልጅ የሥራ ቃለ መጠይቅ ሊኖራት ሦስት ቀን ሲቀራት ቤት መጣች። አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት አካውንታንት ይፈልጋል። «ጋሼ፣ እስቲ እንደ ጠያቂ ሆነህ ጠይቀኝ» አለችኝ። «እሺ፣ ስለ ራስሽ ንገሪን» አልኳት። ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ነበር። ስትጨርስ ሦስት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ይላል።

ለዓመታት በጠያቂነት ስለተቀመጥኩ ሦስት ደቂቃ ጠረጴዛው ወዲያ ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚረዝም አውቀዋለሁ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በኋላ ጠያቂው ሲቪውን ማገላበጥ ይጀምራል። ጆሮው ከእናንተ ጋር አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ መምጣቱ ነው።

በሁለት ማታ ቁጭ ብለን ወደ አንድ ደቂቃ አወረድነው። አካሄዳችንን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ። ሙያችሁ ሌላ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ሳትቆርጡ ቅዱት

ብዙ ሰው ወዲያው አዲስና አጭር ጽሑፍ መጻፍ ይጀምራል። ያኔ የሚወጣው የማመልከቻ ደብዳቤ ዓይነት ነገር ነው፤ የእናንተ ድምፅ የለበትም። ስለዚህ ስልካችሁን ከፍታችሁ እንደመጣላችሁ ተናገሩና ቅዱት። ከዚያ እያዳመጣችሁ ቃል በቃል በወረቀት ላይ አስፍሩት። «እ...» ያላችሁትንም፣ «ያው» ያላችሁትንም አትዝለሉ።

የእሷ ሦስት መቶ አሥር ቃል ገደማ ሆነ። አጀማመሩ እንዲህ ነበር፦

«በመጀመሪያ ደረጃ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ እንግዲህ ተወልጄ ያደግኩት ሻሸመኔ ከተማ ነው። ለቤተሰቤ ሦስተኛ ልጅ ነኝ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቴንም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴንም እዚያው ሻሸመኔ ተከታትዬ፣ ከዚያም ጥሩ ውጤት አምጥቼ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ መጀመሪያ የደረሰኝ ማኔጅመንት ነበር፣ በኋላ ግን ወደ አካውንቲንግ ተቀይሬ፣ በ2014 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ለመመረቅ በቅቻለሁ...»

ሥራዋ ላይ የደረሰችው ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ነው። እሱም እንዲህ ይላል፦

«በአሁኑ ሰዓት ደግሞ አንድ የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ በጁኒየር አካውንታንትነት እየሠራሁ እገኛለሁ። እዚያም የተለያዩ ሥራዎችን እሠራለሁ፣ ማለትም ፔቲ ካሽ እይዛለሁ፣ ደረሰኝ እመዘግባለሁ፣ ፔይሮል ላይም አግዛለሁ፣ ቫትም አለ፣ ባንክም አስታርቃለሁ፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሁለቴ የተመዘገበ ቼክ አግኝቼ ነበር፣ እና ያው በአጠቃላይ ሒሳብ ነክ ሥራዎችን በሙሉ እሠራለሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ታታሪ፣ ታማኝና ተግባቢ መሆኗ መጣ። ጫና ውስጥ መሥራት እንደምትችል፣ መጽሐፍ ማንበብ እንደምትወድ፣ በመጨረሻም እንደገና ምስጋና።

ቼኩን አያችሁት? ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው ያገኘው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

2. ስንት ቃል እንደሚፈቀድላችሁ ለኩ

በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ምክሮች ለአንድ ደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል ይሰጣሉ። ያንን ለአማርኛ አትውሰዱት። በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ብዙ ይሸከማል። «አላስታረቅኳቸውም» ብሎ ነገር አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አራት ያህል ቃል ይወጣዋል።

ስለዚህ የራሳችሁን ፍጥነት ለኩ። የቀዳችሁትን ቃል ቁጠሩና ለፈጀው ደቂቃ አካፍሉት። የአክስቴ ልጅ በደቂቃ ወደ 98 ቃል ትናገራለች። የሚፈቀድላት እንግዲህ መቶ ቃል የማይሞላ ነው። ከሦስቱ ቃል ሁለቱ መውጣት አለበት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እዚህም እዚያም አንድ አንድ ቃል በመልቀም እንደማይሆን ወዲያው ትረዳላችሁና።

ፍጥነት በመጨመር ሰዓቱን ለማሸነፍ እንዳትሞክሩ። እሷ ሞክራው ነበር። ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አወረደችው፣ ግን ቁጥሮቹም የድርጅቱ ዓይነትም አልተሰሙም። በዓረፍተ ነገርና በዓረፍተ ነገር መሃል አየር ካልሳባችሁ ፈጥናችኋል።

3. ማስታወቂያውን አጠገቡ አስቀምጡ

ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚወጣ የሚወስነው የሥራ ማስታወቂያው ነው። ስሜታችሁ ላይ ከተዋችሁት ብዙ የለፋችሁበትን ታቆያላችሁ፤ ብዙ የለፋችሁበት ነገር ደግሞ የግድ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አይደለም።

የእሷ ማስታወቂያ አራት ነገር ይጠይቅ ነበር። በአካውንቲንግ ዲግሪና ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መጠቀም መቻል፣ የወር የታክስ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከር። አራቱን ከ1 እስከ 4 ቁጥር ሰጠናቸው። ከዚያ በእርሳስ በየዓረፍተ ነገሩ ጠርዝ ላይ የሚመልሰውን ቁጥር ጻፍን። ምንም የማይመልሰው ላይ ዜሮ።

የመጀመሪያው ገጽ ከዲግሪው በቀር ዜሮ በዜሮ ሆነ። ዝም አለች። ቆይታም «ጋሼ፣ ሻሸመኔንም?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚከብደው እዚህ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። ጥሩ ባህል ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ሠርግ ላይ ወይም አዲስ ሰፈር ስትገቡ ከዚህ የተሻለ አጀማመር የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የተቀመጡት ሰዎች የያዙት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህቺ ልጅ ሥራውን ትሠራዋለች ወይ? የትውልድ ቦታ ለዚህ መልስ አይሰጥም። ድርጅቱ ሻሸመኔ ቅርንጫፍ ኖሮት ሰው እዚያ የሚልክ ቢሆን ግን አላወጣውም ነበር። ያኔ ዜሮ አይደለም።

ከማኔጅመንት ወደ አካውንቲንግ መቀየሯን ማውጣት የባሰ ከበዳት። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ዞራበታለች። ገባኝ። ነገር ግን ስትናገረው ጠያቂው የሚሰማው መጀመሪያ ሌላ ነገር ላይ እንደነበረች ብቻ ነው፤ ልፋቱ አይሰማም። እሱን ለማስረዳት ሌላ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። ወጣ።

«ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ» የሚለው መስመር ምንም አላከራከረንም። ከእሷ በፊት የገባውም ከእሷ በኋላ የሚገባውም ይለዋል። ታማኝ ነኝ የማይል አካውንታንት አይቼ አላውቅም። መክፈቻው ላይ ያለው ምስጋና ወደ «ጤና ይስጥልኝ» አጠረ። መዝናኛውም ወጣ።

4. አንዱን ነገር አቅርባችሁ አሳዩ

ዜሮዎቹ ሲወጡ ወደ መቶ ሠላሳ ቃል ቀረ። የመጀመሪያው ማታ እዚህ ላይ አቆምን። በማግሥቱ ስታነብልኝ አንድ ችግር ታየኝ። አጭር ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ፔቲ ካሽ፣ ደረሰኝ፣ ፔይሮል፣ ቫት፣ ባንክ እያለ ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ ሲቪዋ ላይ አለ፣ ጠያቂዎቹም ሲቪውን በእጃቸው ይዘውታል። ለማሳጠር ብላ ደግሞ ቼኩን አውጥታዋለች!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዝርዝሩን ያቆዩና ታሪኩን ያወጣሉ፤ ታሪክ ቦታ ይፈጃል ብለው። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው። ዝርዝሩን ወደ ሦስት አውርዱና ለአንዱ ታሪክ ከ25 እስከ 30 ቃል ስጡት።

«ቼኩ ምንድን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀስ በቀስ ወጣ። ሥራውን ስትረከብ አንደኛው የባንክ ሒሳብ ለሦስት ወር ሳይታረቅ ቆይቷል። በመዝገባቸው ያለው ገንዘብ ባንኩ ካለው በ46,000 ብር ያንሳል። የባንኩን ስቴትመንትና መዝገቡን ጎን ለጎን አድርጋ መስመር በመስመር አመሳከረች። ለአንድ አቅራቢ የተሰጠ ቼክ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘችው። ባንኩ የከፈለው አንዴ፣ መዝገቡ የቀነሰው ሁለቴ ነበር።

እዩት እስቲ። ይህ አንድ ነገር ማስታወቂያው ላይ ያለውን አራተኛ ቁጥር በቀጥታ ይመልሳል። ታማኝና ታታሪ የሚሉት ቃላት ሊሉ የፈለጉትንም ያሳያል፣ ቃላቱን ሳይጠራ። ጠያቂው የሒሳብ ሰው ከሆነ ደግሞ ወዲያው ይገባዋል።

የእናንተን ቼክ ለማግኘት ንግግራችሁ ውስጥ «እንዲያውም» ወይም «አንድ ጊዜ» ያላችሁበትን ቦታ ፈልጉ። ሰው ጥሩውን ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ በችኮላ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ሦስት ነገር ይኑረው፤ ችግሩ ምን ነበር፣ በእጃችሁ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተገኘ። ብር፣ ቀን ወይም ብዛት አንዱ ካለ አስገቡት። በትክክል የማታስታውሱትን ቁጥር ግን አትጥሩ፤ ቀጣዩ ጥያቄ እሱ ላይ ነው የሚመጣው። የድርጅቱን ምሥጢር የሚያወጣ ከሆነም የደንበኛውንና የአቅራቢውን ስም ተዉት።

5. አማርኛውን አጥብቁት

ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ፤ ምንም ነገር ሳይወጣ ሰከንድ ይተርፋልና። ቋንቋችን ለስብሰባና ለሪፖርት የለመዳቸው ረጃጅም ማሰሪያዎች አሉት። «እየሠራሁ እገኛለሁ» የሚለው «እሠራለሁ» ነው። «ለመመረቅ በቅቻለሁ» «ተመረቅኩ» ነው። «የማስታረቅ ሥራ እሠራለሁ» «አስታርቃለሁ» ነው። «በአሁኑ ሰዓት» «አሁን» ነው። ትርጉሙ አልተነካም፣ ግማሹ ቃል ወጣ።

«እኔ»ን ተመልከቱ። ግሡ ውስጥ እናንተ ስላላችሁ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሥራው የእናንተ ብቻ መሆኑን ማሳየት ስትፈልጉ ነው። «የቫት ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ» ስትል «አግዛለሁ» ከማለት ይለያል። እሱን አላወጣነውም።

ከዚያ «እንግዲህ»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «በአጠቃላይ»። ወረቀቱ ላይ ክበብ አድርጉባቸው። የእሷ ላይ አሥራ አንድ አገኘን።

ዋናው ግን የ«-ዬ» እና የ«-ቼ» ሰንሰለት ነው። «ተከታትዬ፣ አምጥቼ፣ ገብቼ፣ ተቀይሬ...» እያለ ይሄዳል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰሚው እስኪታሰር ድረስ ሁሉንም በእጁ ይዞ ይጠብቃል። ከሁለት በላይ ሲሆን መያዝ ያቅተዋል። ሁለት ላይ እሰሩና አዲስ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። ቃሉ ያን ያህል አይቀንስም፣ ግን መተንፈሻ ታገኛላችሁ፤ የሚሰማችሁም ሰው እንዲሁ።

6. ቅደም ተከተሉን ገልብጡት

ከልደት ጀምሮ ወደ ዛሬ የሚመጣ ትውውቅ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያደርሰዋል። ከዛሬ ጀምሩ። አሁን ምን እንደምትሠሩና ለምን ያህል ጊዜ፣ ቀጥሎ አንዱ ታሪክ፣ ከዚያ ትምህርት በአንድ መስመር፣ በመጨረሻ ለምን እዚህ እንዳመለከታችሁ።

አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ «አሁን» የሚለው ቦታ ላይ የመመረቂያ ሥራችሁን ወይም አፓረንትሺፕ የወጣችሁበትን አስገቡ። ሌላው አይለወጥም።

መጨረሻው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሷ «ብዙ ለመማር ጓጉቻለሁ» ማለት ፈለገች። እኔ አልወደድኩትም። ድርጅቱ የሚከፍለው ለሥራ ነው። ይልቅ አሁን ካለችበት ምን እንደሚለይ አሰብንና አገኘነው። የአሁኑ ድርጅት የሚገዛው ከአገር ውስጥ ነው፣ አዲሱ በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭው ሻጭ ክፍያ ዋስ በሚሆንበት ሰነድ፣ ከውጭ ያስመጣል። ስለዚህ ያንን ሒሳብ መሥራት እንደምትፈልግ ትናገራለች።

የወጣው ይኸውላችሁ። ስሟን ብቻ አውጥቻለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ... እባላለሁ። የሕንፃ መሣሪያ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ጁኒየር አካውንታንት ነኝ፤ ከገባሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የየዕለቱን ሽያጭና ግዢ ፒችትሪ ላይ እመዘግባለሁ። የወሩን የቫት ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሦስት የባንክ ሒሳቦችን በየወሩ አስታርቃለሁ። ሥራውን ስረከብ አንዱ ሒሳብ ለሦስት ወር ሳይታረቅ ቆይቶ ነበር። የባንኩን ስቴትመንት ከመዝገባችን ጋር መስመር በመስመር ሳመሳክር ሁለት ጊዜ የተመዘገበ የ46,000 ብር ቼክ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ወሩ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስቱንም አስታርቄ እጨርሳለሁ። የተመረቅኩት በ2014 ዓ.ም. ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ነው። እዚህ ያመለከትኩት፣ አሁን የምሠራበት ድርጅት የሚገዛው ከአገር ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው። እናንተ ከውጭ ታስመጣላችሁ፤ የኤልሲና የጉምሩክ ወጪ ያለበትን ሒሳብ መሥራት እፈልጋለሁ።»

መቶ ቃል አይሞላም። ሳትቸኩል ስታነበው 59 ሰከንድ ፈጀባት።

7. ሌላ ሰው ጆሮ ላይ ሞክሩት

እኔ ጽሑፉን ስለማውቀው ዳኛ መሆን አልችልም። ባለቤቴን ከኩሽና ጠራናት። አንድ ጊዜ ብቻ ሰማችና ቡና አፈላች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ምን ታስታውሻለሽ?» አልናት። «ሁለቴ የተጻፈ ቼክ አገኘች፣ ባንክ ታስታርቃለች፣ ከውጭ የሚያስገባ ድርጅት ትፈልጋለች» አለች። የሒሳብ ሰው አይደለችም። ሦስት ነገር ሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ከቀረ በቂ ነው። ሰሚያችሁ «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ ነሽ» ብቻ ካለ ምንም አላስታወሰም ማለት ነው፤ ወደ አራተኛው እርምጃ ተመለሱ።

ቃል በቃል አትሸምድዱት። አንዱ ቃል ሲጠፋባችሁ ሁሉም ይቆማል። አራት ቃል ብቻ ያዙ። የእሷ «አሁን፣ ቼኩ፣ ዲግሪ፣ ለምን እዚህ» ነበር። መሃል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢረሳ ወደ ቀጣዩ ቃል ማለፍ ነው፤ ማንም አያውቅም። ቃለ መጠይቅ ሲሆን ሰው ትንሽ ስለሚረዝም ልምምድ ላይ አንድ ደቂቃ የሆነው እዚያ አንድ ደቂቃ ከአሥር ቢሆን አትጨነቁ።

ብዙ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ጀምሮ «እስቲ በእንግሊዝኛ» ይላል። አማርኛውን ቃል በቃል አትተርጉሙ። በእነዚያው በአራቱ ቃላት እንደ አዲስ ተናገሩት፣ እንደ አዲስ ለኩት። ሰዓቱ ሌላ ይሆናል።

«ይኸው ነው» ወይም «ሌላ ምን ልበል?» ብላችሁ አትጨርሱ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ዝም በሉ። ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይከብዳል፣ ግን የጠያቂው ተራ ነው።

8. የተቆረጠውን አትጣሉት

ያወጣነውን ሁሉ ሌላ ወረቀት ላይ ጻፍነው። ፔይሮሉ፣ ፔቲ ካሹ፣ የትምህርት ክፍል መቀየሩ፣ ሻሸመኔም ሳይቀር። በየአንዳንዱ ራስጌ ላይ የትኛው ጥያቄ ቢመጣ እንደሚወጣ ጻፈች። «አካውንቲንግን ለምን መረጥሽ?» ቢሏት ከማኔጅመንት መቀየሯ ቦታውን ያገኛል፤ ያኔ ልፋቱንም መናገር ትችላለች።

የቼኩን ረጅም ታሪክ ደግሞ ለብቻው በሁለት ደቂቃ አዘጋጀነው። ልዩነቱን መጀመሪያ የት ጠረጠረች፣ ከየትኛው ወር ጀመረች፣ ካገኘችው በኋላ ለማን አሳወቀች፣ ማስተካከያው እንዴት ተመዘገበ።

ቃለ መጠይቁ አርብ ጠዋት ነበር። ከሰዓት ደወለችልኝ። ትውውቋን ጨርሳ ዝም ስትል ከሦስቱ ጠያቂዎች መሃል የተቀመጡት ሴት እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «ቼኩን እንዴት አገኘሽው?» አሏት። ሁለተኛው ወረቀት እዚያ ላይ ተጀመረ።